ፊት የተተካበት ፎቶ ለኅትመት ሲዘጋጅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የሠርግ ወቅት ሲገባ ወደ እኔ የሚመጣው ሥራ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ቤተሰቡ በሙሉ ፋሲል ግቢ ቆሞ ተነሥቷል፤ ሙሽሮቹ አምረዋል፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ወደ ካሜራው አይተዋል፤ አንድ ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኗል። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ አያትየዋ ናቸው። «ከሌላ ፎቶ ፊታቸውን አምጥተህ ተካልን፤ አሳትመን በፍሬም እንሰቅለዋለን» ይባላል።

ፊት መተካቱን ዛሬ ብዙ ሰው ይችለዋል። ሥራው የሚበላሸው ለኅትመት ሲዘጋጅ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች የምመልሰው በአንድ ፎቶ ላይ እየተመረኮዝኩ ነው። አሥራ አራት ሰዎች ያሉበት፣ 6000 በ4000 ፒክስል በሆነ ካሜራ የተነሣ፣ በ40 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት የሚታተም የቤተሰብ ፎቶ ነው። የአያትየዋን ፊት ተክቼ አራት ጊዜ አሳትሜዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለባለቤቶቹ ማሳየት አልደፈርኩም።

በስክሪን ላይ ምንም የማይታይበት ፎቶ ሲታተም ተቀጥሎ የተሠራ መሆኑ ለምን ይታወቃል?

ስክሪኑ ስለሚደብቅልዎ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል ነው። ፎቶው ለፍሬሙ ሲቆረጥ 5333 በ4000 ፒክስል ሆነ። ሙሉውን በስክሪኑ ላይ ሳየው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ አሳንሼ ነው የማየው፤ በወርድም በቁመትም አምስት አምስት ፒክስል አንድ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ሲጨመቅ የደበዘዘውም የጠራውም ፊት አንድ ይመስላል። ወረቀቱ ግን ያን ሁሉ ፒክስል ዘርግቶ ያሳያል። አያትየዋ ከጎናቸው ከቆመችው ልጃቸው ይልቅ ደብዛዛ ከሆኑ፣ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ምክንያቱን ባያውቅም «እሳቸው ምን ሆነው ነው?» ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውን በ100% ከፍተው የተተካውን ፊት ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ጋር ያወዳድሩ። ብቻውን አይመልከቱት፤ ብቻውን ሲታይ ማንኛውም ፊት ደህና ይመስላል።

የማመጣው ፊት ጥራቱ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ሰው የሚለካው የፋይሉን መጠን ነው፤ «አምስት ሜጋባይት ነው፣ ይበቃል» ይላል። መለካት ያለበት ግን ፊቱ ራሱ ነው፤ ከአገጭ እስከ ግንባር ስንት ፒክስል እንደሆነ።

በዋናው ፎቶ ላይ የአያትየዋ ፊት ቁመት 330 ፒክስል ነበር። 5333 ፒክስሉ በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 339 ፒክስል ገደማ ይደርሳል፤ ፊታቸውም በወረቀቱ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። መጀመሪያ በላኩልኝ ፎቶ ላይ ግን ፊታቸው 130 ፒክስል ብቻ ነበር። ከቦታው ጋር ለማስተካከል ሁለት ጊዜ ተኩል መለጠጥ ነበረብኝ። ስለዚህ ሌላው ሰው ሁሉ በኢንች 339 ፒክስል ሲታተም እሳቸው በ134 ታተሙ። ውጤቱ በቀጭን ላስቲክ ውስጥ ሆነው የሚያዩ የሚመስል ፊት ነበር። ይህ የመጀመሪያው ኅትመት ነው።

መመሪያው አጭር ነው፤ የሚመጣው ፊት ከሚተካው ፊት በፒክስል እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ማሳነስ አይጎዳም። ትንሽ መለጠጥ፣ እስከ አንድ ሩብ ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ከዚያ በላይ ግን ቀጥሎ ያሉትን መልሶች ያንብቡ።

ፎቶው በቴሌግራም ነው የተላከልኝ። ችግር አለው?

እንደ ፎቶ ከተላከ አለው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የሚላከውን አሳንሶ ያልፋል፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ሆኖ ይደርሳል። እኔ ጋ የደረሰውም 1280 በ960 ነበር። የተነሣው ግን በ4032 በ3024 ስልክ ነው፤ ከሦስት ጊዜ በላይ አንሷል። የሙሽራይቱን ታላቅ ወንድም ደውዬ «ያንኑ ፎቶ እንደ ፋይል ላክልኝ» ብለው 130 ፒክስል የነበረው ፊት 410 ሆኖ መጣ። ያንን ወደ 330 ማሳነስ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ለሁለት ቀን የታገልኩበት ችግር በአንድ ስልክ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ «የተነሣበት ስልክ ላይ ያለው ዋናው ፋይል» ሳይመጣ ሥራ አልጀምርም። የፌስቡክ ፎቶ፣ ከስክሪን ላይ የተነሣ ምስልና ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ ፎቶ ሁሉም ያው ናቸው።

በፎቶው መረጃ ላይ 72 ይላል። ወደ 300 ብቀይረው አይበቃም?

አይበቃም። ያ ቁጥር ፒክስሎቹ በወረቀት ላይ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚቀመጡ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ነው። በፎቶሾፕ `Image Size` ውስጥ `Resample` የሚለውን ሳይመርጡ ቢቀይሩት አንድም ፒክስል አይጨምርም። መርጠው ቢቀይሩት ደግሞ ፕሮግራሙ የሌለውን ፒክስል ከጎረቤቶቹ ገምቶ ይሞላል። የዓይን ሽፋሽፍት ግን በግምት አይመጣም።

ዋናው ፋይል ጠፍቷል፤ ያለው ትንሹ ፊት ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም ከመለጠጥ ይሻላሉ።

አንደኛው ኅትመቱን ማሳነስ ነው። ያው 130 ፒክስል ፊት ፎቶው በ20 በ15 ሳንቲ ሜትር ቢታተም በኢንች 267 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ የሚያሳፍር አይደለም። ደንበኛው «ትልቅ ነው የምንፈልገው» ማለቱ አይቀርም፤ ትልቁንና ትንሹን አሳትመው ጎን ለጎን ያሳዩት፤ ራሱ ይመርጣል።

ሁለተኛው፣ እኔም የምወደው፣ የሚተካውን ማጥበብ ነው። ዓይን ብቻ ከተጨፈነ ለምን ሙሉ ፊት ይቀየራል? ዓይኖቹን ብቻ ያምጡ፤ ግንባሩ፣ ጉንጩና አፉ የራሱ የዋናው ፎቶ ሆኖ ይቅር። ደብዛዛው ቦታ ሲጠብ የሰው ዓይን አይዘውም፤ የቆዳውን ቀለም የማስማማቱ ጣጣም ይቀላል። ይህ የሚሠራው ግን ሰውየው በሁለቱም ፎቶ ላይ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞረ ነው። የእኔዋ አያት ዓይናቸውን ከመጨፈናቸው በላይ ወደ ታች አጎንብሰው ስለነበር ሙሉ ፊት መተካት ግድ ሆነብኝ።

ፊት በራሱ በሚተካ አፕ የተሠራ ፎቶስ ይታተማል?

በፎቶው ላይ ያለው ፊት በፒክስል ምን ያህል እንደሆነ ይወስነዋል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አዲሱን ፊት የሚሠሩት በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው። ለምሳሌ በስፋት የሚሠራበት `inswapper_128` ከስሙ እንደሚታየው 128 በ128 ፒክስል ላይ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ቦታው ይለጥጠዋል። እንግዲህ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ፎቶ፣ ፊቱ 120 ፒክስል ብቻ ከሆነ ምንም አይታወቅም። ለብቻው የተነሣ ሰው፣ ፊቱ 1200 ፒክስል የሆነ፣ ሲታተም ግን ኮቱ ክር በክር እየታየ ፊቱ እንደ ሳሙና ለስልሶ ይወጣል። በስልክ ላይ ያማረውን አይመኑ፤ 100% ላይ ከፍተው ቅንድቡን ይመልከቱ። ፀጉሩ አንድ በአንድ የማይለይ፣ በእርሳስ የተቀባ ከመሰለ ለትልቅ ኅትመት አይሆንም።

ፒክስሉ ተስተካክሎ እንኳ ፊቱ እንደ ሰም ያብረቀርቃል። ለምን?

ሸካራነቱ ስለሚለያይ ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ካሜራው ግን ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይተዋል። በስክሪን ላይ አይታዩም፤ በወረቀት ላይ ግን አንዱ ፊት ቆዳ ያለው፣ ሌላው ቆዳ የሌለው ሆኖ ይወጣል።

ፊቱ ወደ ትክክለኛ መጠኑ ካነሰ በኋላ በራሱ ሌየር ላይ `Filter > Noise > Add Noise` ከፍተው `Gaussian` እና `Monochromatic` ይምረጡ፤ ከ1 እስከ 3% ይሞክሩ። 200% ላይ አጉልተው የፊቱን ነጠብጣብ ከጎረቤት ጉንጭ ጋር ያወዳድሩ። በእኔው ፎቶ 1.5% በቃኝ። መጠኑን ከማሳነስዎ በፊት ካደረጉት ነጠብጣቡም አብሮ ስለሚጨመቅ ድካምዎ ከንቱ ነው።

ሻርፕ የማደርገው መቼ ነው? ፊቱን ለብቻው ወይስ ፎቶውን በሙሉ?

በመጨረሻ፣ ፎቶው በሚታተምበት ልክ መጠን ላይ ሲደርስ። ሁለተኛውን ኅትመት ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ፊቱን ለብቻው ሻርፕ አድርጌ ተካሁት፤ ከዚያ ጠቅላላውን ደገምኩት። ስልኩ ራሱ ገና ሲያነሣው ሻርፕ አድርጎት ስለነበር ሦስት ጊዜ ሆነ ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ በአያትየዋ ፊትና በነጭ ሻሻቸው መካከል ቀጭን፣ ደማቅ መስመር ወጣ፤ በመቀስ ተቆርጠው የተለጠፉ መሰሉ። ተቆርጠው የተለጠፉ መሆናቸው እውነት ነው፤ ግን እንዲታወቅ አልነበረም የተከፈለኝ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሌየሮቹ ያሉበትን ፋይል አስቀምጬ በቅጂው ላይ `Flatten Image` አደርጋለሁ። ከዚያ በ`Image Size` ውስጥ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ በኢንች 300 ብዬ 4724 በ3543 ፒክስል አደርገዋለሁ። የማሳነሻ ዘዴው `Bicubic (smooth gradients)` ይሁን፤ `Bicubic Sharper` የሚለው ራሱ ሻርፕ ስለሚያደርግ ሥራዎን ይደራርበዋል።

ቀጥሎ ሌየሩን በ`Ctrl+J` አባዝቼ በቅጂው ላይ `Unsharp Mask` እከፍታለሁ። ለዚህ ፎቶ የተጠቀምኩት `Amount` 90%፣ `Radius` 1.2፣ `Threshold` 3 ነው። `Radius` የሚነግረው ጠርዙ በስንት ፒክስል ስፋት እንደሚጎላ ነው፤ በኢንች 300 ለሚታተም ነገር ከ1 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ይቆዩ። `Threshold` ደግሞ ጥቃቅኑን ልዩነት እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ዜሮ ከሆነ የጨመሩትን ነጠብጣብ ሁሉ አጉልቶ የአረጋውያንን ቆዳ ያጎሳቁላል። የሌየሩን መዋሃጃ `Luminosity` ያድርጉት፤ ያኔ ብርሃኑ ብቻ ይጎላል፤ የነጠላው ጥለት ጠርዝ ላይ ባዕድ ቀለም አይፈጠርም።

በመጨረሻ ለሻርፑ ሌየር ማስክ ሰጥቼ የተተካውን ፊት በ50% ግራጫ እቀባለሁ፤ ከስልክ የመጣው ፊት ግማሹን ያህል ብቻ ይደርሰዋል። የሻሹን ጠርዝ ደግሞ ፈጽሞ እከልለዋለሁ።

ውጤቱን 50% ላይ ይመልከቱ፤ 100% ላይ ከሚገባው በላይ ሻካራ ይመስላል፤ ያ የሚጠበቅ ነው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይለሰልሳል። ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ከሆነ ወይም ኅትመቱ በሸራ ላይ ከሆነ `Amount` ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት ግን ምንም ይቅርታ አያውቅም።

የፊቱ ቀለም ከአንገቱ ጋር አይስማማም። በዓይን ሳስተካክለው ሲታተም እንደገና ይለያል።

ዓይን ቶሎ ይለምዳል፤ አሥር ደቂቃ ያዩት ቀለም ሁሉ ትክክል ይመስላል። ቁጥር ግን አይለምድም። ደግሞም ከማንም የተሻለ መመዘኛ በእጅዎ አለ፤ ሊሸፍኑት ያሰቡት የዋናው ፎቶ ፊት። ከመሸፈንዎ በፊት የቀለም መልቀሚያውን `5 by 5 Average` ላይ አድርገው ግንባሩን ይለኩ።

የአያትየዋ ግንባር በዋናው ፎቶ ላይ ቀይ 141፣ አረንጓዴ 99፣ ሰማያዊ 76 ነበር። ቤት ውስጥ በነጭ ዘንግ አምፖል ሥር የተነሣው ፊት ደግሞ 133፣ 104፣ 72 ሆነ። ልዩነቱ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ግን ቀዩ ወርዶ አረንጓዴው ወጥቷል፤ የታመመ ሰው መልክ የሚሰጠው ይኸው ነው። ለፊቱ ሌየር ብቻ `Curves` ጨምሬ ቀዩን ከፍ፣ አረንጓዴውን ዝቅ፣ ሰማያዊውን በትንሹ ከፍ አደረግኩ። ግንባሩ ሲስማማ ጉንጩንና ከአፍንጫ ሥር ያለውን ጥላ ለብቻ ይለኩ። የፋሲል ግቢ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ከአንድ ጎን ነው የሚመጣው፤ ጥላው በተቃራኒው በኩል ከሆነ ምንም የቀለም ማስተካከያ አያድነውም፤ ሌላ ፎቶ ይፈልጉ።

የቀለም ፕሮፋይል የሚባለው እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ቁጥሮቹን የሚተረጉመው እሱ ነው። 141፣ 99፣ 76 የሚለው ቁጥር በአንዱ ፕሮፋይል አንድ ቡናማ፣ በሌላው ሌላ ቡናማ ነው። ፊት የተተካበት ፎቶ ከተራ ፎቶ የሚለየው ከሁለት መሣሪያ መምጣቱ ነው፤ ሁለት ፕሮፋይል ሊኖረው ይችላል። በእኔው ፎቶ የካሜራው `Adobe RGB` ነበር፤ የስልኩ ደግሞ አይፎን ስለሆነ `Display P3`። ፎቶ ቤቱ የሚፈልገው `sRGB` ነው። በአንድ ፎቶ ሦስት ቋንቋ።

የካሜራውን ሳይከፍቱ እንኳ የሚጠረጥሩበት ምልክት አለ። በካኖንና በኒኮን ካሜራዎች የፋይሉ ስም በሥር መስመር ከጀመረ፣ ለምሳሌ `_DSC0412.JPG` ከሆነ፣ ካሜራው `Adobe RGB` ላይ ተቀምጧል። ለማረጋገጥ ደግሞ የፎቶ መረጃ የሚያነበው `exiftool` ካለዎት፦

```
exiftool -ProfileDescription -InteropIndex -ImageWidth -ImageHeight _DSC0412.JPG
```

የስልኩን ፊት ፕሮፋይሉ ጠፍቶበት ወይም የፎቶሾፕ `Color Settings` ፖሊሲ `Off` ሆኖ ቢለጥፉት፣ ቁጥሩ ሳይተረጎም ይገባል፤ ቀይነቱ ይቀንስና ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ገና ምንም ሳይቆርጡ ሁለቱንም ፎቶ ለየብቻ ከፍተው `Edit > Convert to Profile` ብለው `sRGB IEC61966-2.1` ያድርጓቸው። ቆረጣው ከዚያ በኋላ ይጀመር። ቀደም ሲል የነገርኳችሁን የግንባር ቁጥሮችም የለካሁት ሁለቱ ወደ አንድ ከመጡ በኋላ ነው፤ አለዚያ ማወዳደሩ ትርጉም የለውም።

`Assign Profile` እና `Convert to Profile` አንድ አይደሉም?

አይደሉም፤ እዚህ አገር ከማያቸው ደብዛዛ ኅትመቶች ብዙዎቹ የዚህ ስህተት ውጤት ናቸው። `Convert` መልኩን ጠብቆ ቁጥሩን ይቀይራል። `Assign` ቁጥሩን ሳይነካ ስሙን ብቻ ይለውጣል፤ ስለዚህ መልኩ ይለወጣል። `Adobe RGB` የሆነውን ፎቶ `Assign` ብለው `sRGB` ቢሉት ወዲያው ይፈዛል። `Assign` የሚያስፈልገው ፕሮፋይሉ ለጠፋበት ፋይል ብቻ ነው።

ፋይሉን ሲያስቀምጡ `ICC Profile` የሚለው ሳጥን ምልክት ይኑረው። ጄፔግ ከሆነ ጥራቱ 11 ወይም 12 ይሁን።

ፋይሉ ትክክል ነው፤ ፎቶ ቤቱ ግን ሁሉንም ሰው አመዳም አድርጎ አተመው።

የማሽኑ አውቶማቲክ ማስተካከያ ሊሆን ይችላል። የፎቶ ማተሚያ ማሽኖች የፎቶውን ጠቅላላ ቀለም አይተው በራሳቸው «ያርማሉ»። ከኋላችሁ የፋሲል ግቢ ቡናማ ግንብ ሞልቶ ሲያዩ ፎቶው ሞቅ ያለ ቀለም የበዛበት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ወደ ሰማያዊ ይገፉታል። ግንቡ ትንሽ ግራጫ ቢሆን ማንም አያስተውልም፤ የሰው ፊት ሲሆን ግን ይታያል። ፍላሹን ሲሰጡ «ምንም ማስተካከያ ሳይደረግ ይታተም» ብለው ይንገሩ፤ ቢቻል በትእዛዙ ወረቀት ላይ ይጻፉት። የሚታተመውም በትክክል 30 በ40 መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ 30 በ45 ከሆነ ማሽኑ ይቆርጠዋል ወይም እንደገና ይለጥጠዋል።

ለካላንደር ወይም ለመጥሪያ ካርድ ማተሚያ ቤት ስሰጠውስ? ወደ `CMYK` ልቀይረው?

ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀምበትን ፕሮፋይል ካልነገረዎት አይቀይሩ፤ `sRGB` ሰጥተው እነሱ ይቀይሩት። ፕሮፋይሉን ከሰጡዎት ደግሞ አንድ ነገር አይርሱ፤ መጀመሪያ `Flatten`፣ ከዚያ `Convert`። ሌየሮቹ እንዳሉ ከቀየሩት የፊቱ `Curves` ሊጣል ወይም በአዲሱ ቀለም ውስጥ ሌላ ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ አስማምተው የጨረሱት ፊት ከአንገቱ ጋር እንደገና ይጣላል። ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ፊቱ አልተነካም ብዬ ስምል፣ እኔው ነበርኩ የነካሁት።

ከመቀየርዎ በፊት `Ctrl+Y` ተጭነው በቅድሚያ ይዩት፤ የማተሚያ ቤቱን ፕሮፋይል በ`Proof Setup` ውስጥ ከመረጡ በኋላ ማለት ነው። ከቆዳ ይልቅ የሚጎዳው ደማቅ የጥለት አረንጓዴና የሐር ሰማያዊ ነው፤ እነሱ ይደበዝዛሉ፤ መከላከያ የለውም።

ሁልጊዜ ከስክሪኑ ይልቅ ጠቆር ብሎ ይወጣል።

ፎቶው ላይሆን ይችላል፤ ስክሪንዎ ብሩህ ነው። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይያዙ፤ በስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈቱ፤ ሁለቱ እኩል ነጭ እስኪመስሉ ድረስ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ያድርጉ። በሩ ወደ ፒያሳ ፀሐይ የተከፈተ ሱቅ ውስጥ ከሆነ የሚሠሩት፣ መጀመሪያ በሩን ይዝጉ።

ትልቁን ከማሳተሜ በፊት በትንሽ ወጪ የምሞክርበት መንገድ አለ?

አለ፤ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ሙሉውን ፎቶ አሳንሶ ማሳተም ምንም አይነግርዎትም፤ ያ ስክሪኑ የሠራውን ድበቃ መድገም ነው። ካለቀው 4724 በ3543 ፋይል ላይ፣ መጠኑን ሳይነኩ፣ የተተካውን ፊትና ጎረቤቶቹን የያዘ 1772 በ1181 ፒክስል ቆርጠው ያውጡ። ይህ በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ልክ ይገባል፤ ፊቱም በትልቁ ፍሬም ላይ በሚኖረው መጠን ይታያል። በዚያው ፎቶ ቤት፣ በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ ያለ ማስተካከያ ያሳትሙት።

ይዘውት ወደ መስኮት ይሂዱ፤ በአምፖል አይፍረዱ። መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው፤ ፊቱ ብቻ ከተለየ፣ ለምሳሌ ከጎረቤቶቹ ቀላ ካለ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ ወደ ሌየሮቹ ተመልሰው በፊቱ `Curves` ውስጥ ቀዩን በሦስት ወይም በአራት ነጥብ ዝቅ ያድርጉ፤ እንደገና ያዋህዱና ያሳንሱ። ሁሉም ሰው አንድ ላይ ቀልቶ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ግን ፊቱን አይንኩት፤ የተለየው ፕሮፋይሉ ወይም ማሽኑ ነው። የእኔው ሦስተኛው ኅትመት ላይ አሥራ አራቱም እኩል ጠቆር ብለው ነበር። ስክሪኔን ዝቅ አድርጌ፣ ጠቅላላውን በትንሹ አብርቼ፣ ያንኑ ፋይል ሰጠሁ።